ሺህ ብር በከተማው ስንት እጅ ይዞራል?

እናቴ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ነበራት። ከሚዛኑ ጎን ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር አይጠፋም። የዱቤ ደብተር ነው። አስተማሪዎቹ፣ የጤና ጣቢያው ነርሶችና የወረዳ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ገጽ ነበራቸው። ወሩን ሙሉ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና ማካሮኒ ይጻፍባቸዋል። ደሞዝ ሲወጣ ይመጣሉ፣ ይከፍላሉ፣ እናቴም ገጹን በእስክሪብቶ ትሰርዛለች።

አንድ ዓመት ደሞዝ ሁለት ወር ዘገየ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ግን የደብተሩ ገጾች ሞሉ። እናቴ ለጅምላ አከፋፋዩ የምትከፍለው አጣች፣ እሱም ያለፈው ሳይከፈል አዲስ ዕቃ አልሰጥም አለ። ከዚያ እናቴ ለሱቁ እንቁላልና በርበሬ ከምታመጣላት ጎረቤት መግዛት አቆመች። ጎረቤታችን ደግሞ ለልጇ ዩኒፎርም ልታሰፋ ያሰበችውን ተወችው። በሁለተኛው ወር ማለቂያ ላይ ወፍጮ ቤቱ በየቀኑ መነሳቱ ቀርቶ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይነሳ ጀመር።

ይህ ነገር ለብዙ ዓመት ከአእምሮዬ አልወጣም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የመንግሥት ሠራተኛ አልነበሩም። ልብስ ሰፊውም፣ እንቁላል ሻጯም አልነበሩም። የዘገየው ደሞዝ የነሱ አልነበረም። ግን ሁሉም ጋ ደረሰ።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን የማባዣ ውጤት ይሉታል። ሐሳቡን በስሌት ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1931። በዚያ ዘመን እንግሊዝ በሥራ አጥነት ተጨንቃ ነበር። የካን ጥያቄ እንዲህ ነበር፦ መንግሥት ሥራ አጦችን ለመንገድ ሥራ ቢቀጥር፣ እነዚህ ሠራተኞች ደሞዛቸውን ሲያወጡ ስንት ሌላ ሰው ሥራ ያገኛል? ከአምስት ዓመት በኋላ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ኬንስ ሐሳቡን ወስዶ ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። መነሻው ቀላል ነው። አንዱ ያወጣው ለሌላው ገቢ ነው። ያኛውም ከገቢው ላይ ያወጣል፣ ለሦስተኛው ገቢ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ ሲነገር የምሰማው እዚህ ላይ ያቆማል። ገንዘብ ከተማው ከገባ እየዞረ ይባዛል፣ ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ይግባ ይባላል። እኔ ግን ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ይመስለኛል። በእያንዳንዱ እጅ ላይ ስንቱ ብር ከተማው ውስጥ ቀረ? ስንቱስ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጭኖ ወጣ?

አንድ አስተማሪ 1,000 ብር ይዘው ወደ ከተማው ወጡ እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የኔ ናቸው፣ ግን በትንሽ ከተማ የኖረ ሰው ባህሪያቸውን ያውቀዋል። 400 ብሩን ሱቅ ውስጥ ለፓልም ዘይት፣ ለስኳርና ለሳሙና ያወጣሉ። በ350 ብር ቅዳሜ ገበያ ሄደው ጤፍ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ይገዛሉ። 150 ብር ለልብስ ሰፊ፣ 100 ብር ለባጃጅ ይከፍላሉ።

አሁን እያንዳንዱን ብር እንከተለው። ከሱቁ 400 ብር ለባለሱቁ የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ 40 ብር ብንል። 360ው ወደ ጅምላ አከፋፋዩ፣ ከሱም ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ዘይቱ ወደተጫነበት ወደብ ይሄዳል። የገበያው 350 ብር ግን ሌላ ታሪክ አለው። ጤፉን ያመጣው ገበሬ ከአጠገብ ካለ ቀበሌ ነው። ማዳበሪያና አንዳንድ ወጪ ሲነሳ 300 ብሩ እዚያው አካባቢ ይቀራል። ልብስ ሰፊው ጨርቅና ክር ከውጭ ነው የሚያመጣው፣ ከ150 ብር 90ው የእጁ ዋጋ ነው። የባጃጁ ልጅ ቤንዚንና መለዋወጫ ከፍሎ 40 ብር ይተርፈዋል።

ስንደምረው 470 ብር ይሆናል። ከአስተማሪው ሺህ ብር የከተማው ሰው እጅ ላይ የቀረው ይህ ነው። ገበሬው፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለሱቋና የባጃጁ ልጅ ይህን 470 ብር በተራቸው ያወጣሉ። እነሱም እንደ አስተማሪው ከገዙ 221 ብር ይቀራል። ቀጥሎ 104፣ ቀጥሎ 49፣ እያለ ወደ ምንም ይጠጋል። የአስተማሪው ሺህ ብር ሲጨመርበት፣ ከተማው ያገኘው ጠቅላላ ገቢ ወደ 1,890 ብር ነው። ማባዣው 1.89 ሆነ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። በከተማው አንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ አለ እንበል፣ ኑጉንም ከአካባቢው ገበሬ ይገዛል። አስተማሪው ሱቅ ውስጥ ከሚያወጡት 400 ብር ግማሹን እዚያ አወጡ። ከዚህ 200 ብር 150ው አካባቢው ላይ ይቀራል፣ ሱቅ ከገባው 200 ደግሞ 20 ብቻ። አሁን የሚቀረው 600 ብር ነው። ማባዣው ወደ 2.5 ይወጣል። ከ470 ወደ 600 የተደረገችው ለውጥ ትንሽ ትመስላለች። ግን በእያንዳንዱ ዙር ስለምትደገም ለከተማው ከ600 ብር በላይ ተጨማሪ ገቢ አመጣች።

በተቃራኒውም ይሠራል። መጭመቂያውን እንርሳውና ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። የአካባቢው ጤፍ አንሶ፣ ነጋዴ ከሩቅ በአይሱዙ እያመጣ የሚሸጥ ቢሆንስ? ከገበያው 350 ብር የሚቀረው 80 ብር ብቻ ይሆናል እንበል። ድምሩ ወደ 250 ይወርዳል፣ ማባዣው ወደ 1.33። ያው አስተማሪ፣ ያው ሺህ ብር፣ ያው አስቤዛ።

ይህን ሒሳብ በጠረጴዛ ላይ ብቻ የተሠራ አድርገን እንዳናየው፣ በሀገራችን የተጠና አንድ ጉዳይ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በትግራይ አንድ የሙከራ ፕሮግራም ተጀመረ። የክልሉ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ያካሄደው ነበር። ሠርተው ማደር ለማይችሉ በጣም ድሃ ቤተሰቦች፣ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ልጆች ብቻቸውን ለሚኖሩበት ቤት በየወሩ ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። መነሻው በቤተሰብ 155 ብር ነው። ቦታዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ተምቤን ውስጥ ያለችው የዓቢይ ዓዲ ከተማና ገጠራማው ሕንጣሎ ወጀራት።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ተመራማሪዎች ከተቀባዮቹ አልፈው ጎረቤቶቹንም፣ ባለሱቆቹንም ጠየቁ። ቤተሰቡን፦ ምን ገዛችሁ? ከማን? ከየት? ብለው ጠየቁ። ነጋዴውንም እንዲሁ፦ ዕቃህን ከየት ታመጣለህ? ለማን ትከፍላለህ? ከመልሶቹ ተነስተው የአካባቢውን የገንዘብ ካርታ ሠሩ፣ በዚያ ላይ አንድ ብር ሲገባ የት የት እንደሚደርስ አሰሉ።

ውጤቱ በሕንጣሎ ወጀራት ለአንድ ብር 2.52 ብር ገቢ ሆነ። በዓቢይ ዓዲ ግን 1.35 ብር።

መጀመሪያ ስሰማው ተገርሜ ነበር። ከተማ ሱቁ ብዙ፣ ገበያው የደመቀ አይደለም እንዴ? ብር የበለጠ መዞር የነበረበት እዚያ አልነበረም? ግን የአስተማሪውን አስቤዛ ለተከተለ ሰው ይህ ግልጽ ነው። ከተማ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ በብዛት ተጭኖ የመጣ ነው። የከተማ ሱቅ ባዶ ከሆነ የሚሞላው ከሌላ ትልቅ ከተማ ነው። ገጠር ውስጥ ግን ድሃዋ እናት የምትገዛው ከጎረቤቷ ነው። እህሉ፣ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ እዚያው ያለ ነው። የሱቅ ብዛት ለብሩ መቆየት ዋስትና አይሆንም። አንዳንዴ እንዲያውም የሚወጣበት በር ነው።

ይህ ጥናት የተሠራው ከጦርነቱ በፊት ነው። ዛሬ እነዚህ ቦታዎች የነበሩበት ሁኔታ ላይ አይደሉም፣ ቁጥሮቹንም ለዛሬ መውሰድ አይቻልም። የሚያስተምሩት ግን አልተለወጠም።

የጥናቱን ሌላ ቁጥር መደበቅ አልፈልግም። የሕንጣሎ ወጀራት 2.52 ዋጋ ባይንር ነው። የዋጋ ጭማሪ ሲታሰብበት ወደ 1.84 ይወርዳል። ለምን? ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ተጨማሪ ጤፍ ልግዛ ሲል ገበሬው በአንድ ቀን ተጨማሪ ጤፍ ማብቀል አይችልም። መሬቱ ያው ነው፣ በሬው ያው ነው። ስለዚህ ከአዲሱ ገንዘብ የተወሰነው በዋጋ ላይ ይጨመራል። ሻጩ ተጠቀመ፣ ምንም እርዳታ ያላገኘው ጎረቤት ግን ያንኑ ጤፍ በውድ ገዛ። ዛሬም በየታክሲው የምሰማው ክርክር ይኸው ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ደሞዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ሲሻሻል፣ ብዙ ሰው የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ይህ ለገበያው ሕይወት ነው ወይስ የዋጋ ንረት?

መልሱ የሚገኘው ከተማው ሥራ የፈታ አቅም አለው ወይ ከሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ለዚህ የማውቀው ምርጥ ማስረጃ ከጎረቤት ሀገር ነው። በምዕራብ ኬንያ፣ ሲያያ በሚባል አካባቢ፣ ጊቭዳይሬክትሊ የተባለ ድርጅት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10,000 ለሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው ወደ 1,000 የአሜሪካ ዶላር ሰጠ። ገንዘቡ ለአካባቢው ግዙፍ ነበር። ተመራማሪዎች፣ ከነሱም ኤድዋርድ ሚጌልና ፖል ኒሃውስ፣ 653 መንደሮችን ተከታተሉ። የትኛው መንደር ገንዘብ እንደሚያገኝና የትኛው እንደማያገኝ በዕጣ ተለየ። ስለዚህ የተገኘው ውጤት ከስሌት ሞዴል አልመጣም። ገንዘብ ያገኘውን መንደር ካላገኘው ጋር አነጻጽሮ በዓይን የታየ ነው።

ማባዣው 2.5 ገደማ ወጣ። የዋጋ ጭማሪው ግን በአማካይ 0.1 በመቶ ብቻ ነበር። ምንም ያልተሰጣቸው ቤተሰቦች እንኳ ወጪያቸው ጨመረ፣ ምክንያቱም ደሞዛቸው ከፍ አለ።

ዋጋው ለምን አልናረም? ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ እናቴ ሱቅ አጠገብ የነበረውን ወፍጮ ቤት አስታወሰኝ። የገጠር ወፍጮ ቤት ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ባለወፍጮው ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። ሱቁም እንደዚሁ ነው፤ ባለሱቋ ከጠዋት እስከ ማታ ትቀመጣለች፣ የምትሸጠው ግን ለጥቂት ሰዓት ያህል ነው። ፀጉር አስተካካዩም፣ ልብስ ሰፊውም ሰው ይጠብቃሉ። ብዙ ደንበኛ ሲመጣ የሚያስፈልጋቸው አዲስ ማሽን ሳይሆን መነሳት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ይጨምራል፣ ዋጋው ባለበት ይቆያል።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ገበያ አለ። ወፍጮ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ባጃጅ ተራ፣ ፀጉር ቤት ገንዘብ ሲመጣ ሥራ ያበዛሉ። ጤፍ፣ የቤት ኪራይ፣ የከተማ ቦታ ግን ቶሎ አይጨምሩም፣ ስለዚህ ዋጋቸው ይንራል። የደሞዝ ጭማሪው በመጀመሪያው ወር በአከራይ ከተወሰደ ለከተማው አዲስ ሥራ አልተፈጠረም። ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ብቻ ዞረ። አከራዩ እዚያው የሚኖር ከሆነ ደህና ነው፣ ያወጣዋል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በባንክ የሚቀበል ከሆነ ግን የኪራዩ ብር በዚያው ቀን ከከተማው ወጣ።

ባንክን ካነሳን አይቀር፣ ሰዎች ብዙም የማያዩት ሌላ መውጫ ይህ ነው። በትንሽ ከተማ አሁን ሦስት አራት የባንክ ቅርንጫፍ ማየት የተለመደ ነው። ቁጠባ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ቅርንጫፉ ከከተማው የሚሰበስበውን ቁጠባ ሌላ ቦታ ካበደረው፣ ለከተማው ያ ብር እንደተጫነ ስኳር ነው። እቁብ ከዚህ ይለያል። በእቁብ የገባው ብር በሳምንቱ ለአንድ አባል ይደርሳል፣ እዚያው ይቆያል። ጥያቄው ባለዕጣው በብሩ ምን ገዛ የሚለው ነው። ቴሌቪዥን ከገዛ አብዛኛው ወጣ። ቤቱን ለማደስ የአካባቢውን አናጢና ግንበኛ ከቀጠረ ብሩ ሌላ ዙር ጀመረ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ምክንያቱም በዚህ ቁጥር ብዙ ሰው ይታለላል። አንድ ፕሮጀክት ወይም አንድ በዓል ለከተማው ይህን ያህል ገቢ አመጣ ሲባል፣ እንዴት ተቆጠረ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሆቴል 1,000 ብር ሸጠ፣ ለዚያ 600 ብር የሚያወጣ ሥጋና ሽንኩርት ገዝቶ ነበር፣ ከዚህ ውስጥ 450ው ለገበሬ የተከፈለ ነበር እንበል። ሦስቱን ሽያጭ ደምሮ 2,050 ብር ማለት ስህተት ነው። ያው በሬ ሦስት ጊዜ ተቆጠረ። ትክክለኛው ጥያቄ በየእጁ የተረፈው ስንት ነው የሚለው ነው፤ ለሆቴሉ 400፣ ለሥጋ ሻጩና ለሽንኩርት ሻጩ 150፣ ለገበሬው 450። ይህ ሲደመር ያው 1,000 ይመጣል። ማባዣው የሚጀምረው እነዚህ ሰዎች በተራቸው ሲያወጡ ነው።

ሌላው ስህተት አዲስ ያልሆነን ገንዘብ አዲስ ነው ማለት ነው። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ሀገር የመጣው እንግዳ ለአልጋና ለምግብ የሚከፍለው ለጎንደር በእርግጥ አዲስ ብር ነው። የከተማው ነዋሪ በዚያ ሳምንት ያወጣው ግን ያለ በዓሉም በሌላ ሳምንት፣ በሌላ ነገር ላይ የሚያወጣው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መደባለቅ ቁጥሩን ያሳብጠዋል።

በቅርቡ እናቴን ስለዚህ ሁሉ አወራኋት። ሱቁን ከዘጋች ቆይታለች፣ ደብተሩ ግን አለ። ከፍተን በደሞዝ ሰሞን የተሰረዙትን ገጾች አየን። እኔ ብሩን እየተከተልኩ ማን ከማን ገዛ እል ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር ላይ ጣቷን አሳረፈች። እንቁላሉና በርበሬው የተጻፈባቸው መስመሮች ላይ። «ከዚች ሴት ስገዛ ገንዘቤ ይመለስልኝ ነበር» አለችኝ። «ሐሙስ የከፈልኳትን ቅዳሜ ሳሙና ልትገዛበት ትመጣለች። ለአከፋፋዩ የሰጠሁትን ግን ዳግም ዓይቼው አላውቅም።»